አዲስ አምፖል ሲገባ ፍሬቻ ለምን ይቸኩላል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው 2006 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው። የፊት ፍሬቻ አምፖሎችን በኤልኢዲ ካስቀየርኩ ወዲህ ግራም ሆነ ቀኝ ሳሳይ በጣም እየፈጠነ ነው የሚበራው። አራቱንም አንድ ላይ ሳበራ ግን ደህና ነው። ጋራዥ ወስጄው አንዱ ‹ሬዚስታንስ ይግባበት› አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ‹ሪሌው ተበላሽቷል› አለኝ። የቱን ልመን? እንዲሁ ብነዳውስ ጉዳት አለው?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሪሌው አልተበላሸም። እንዲያውም ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ይህን በእርግጠኝነት እንድናገር ያደረገኝ እርስዎ በአጭሩ ያነሱት ነገር ነው፤ አራቱ ፍሬቻዎች አንድ ላይ ሲበሩ ፍጥነታቸው ደህና መሆኑ። ምክንያቱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

መጀመሪያ የሚቸኩል ፍሬቻ ምን ለማለት እንደሚቸኩል እንይ። መኪናው ሲሠራ አንድ ችግር ታሳቢ ተደርጓል። ሾፌሩ ከወንበሩ ሆኖ የፊትና የኋላ ፍሬቻውን አያይም። የሚያየው ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ቀስት ብቻ ነው። አንድ አምፖል ቢቃጠል ማን ይነግረዋል? መፍትሔው ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌ አምፖሎቹንም እንዲጠብቅ ማድረግ ነበር። አንዱ ሲቃጠል ሪሌው ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ ቀስቷንም ድምፁንም ያስቸኩላል። ሾፌሩም «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ሲበዛበት ወርዶ ያያል ማለት ነው።

ሪሌው ግን ዓይን የለውም። አምፖሉ መብራቱን አያይም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በውስጡ አልፎ ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መጠን። በውስጡ በጣም ትንሽ ሬዚስታንስ ያላት አጭር የብረት ቁራጭ አለች። ለሁሉም አምፖሎች የሚሄደው ኤሌክትሪክ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ብዙ ሲያልፍ በሁለቱ ጫፎቿ መካከል ያለው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ሲያልፍ ዝቅ ይላል። ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ሪሌው «አንድ አምፖል ጎድሏል» ብሎ ይደመድማል።

ይህን በእርስዎ መኪና ላይ እናስላው። እንዲህ ባሉ መኪኖች የተለመደው አሠራር በአንድ በኩል ሦስት አምፖል ነው። ከፊት 21 ዋት፣ ከኋላ 21 ዋት፣ ፓራፋንጎው ወይም ስፖኪዮው ላይ ያለችው ትንሿ ደግሞ 5 ዋት። ሲደመር 47 ዋት ይሆናል። ለቀላል ስሌት ባትሪውን 12 ቮልት እንበለው። 47ን ለ12 ስናካፍል ወደ 3.9 አምፒር ይመጣል። ሪሌው ጤናማ ብሎ የሚያውቀው ይህን ነው።

አሁን የፊቱ አምፖል ተቃጠለ እንበል። የሚቀረው 26 ዋት፣ ማለትም 2.2 አምፒር ገደማ ነው። ሪሌው ልዩነቱን አይቶ ይቸኩላል።

እርስዎ ያስገቡት ኤልኢዲ ደግሞ የሚበላው ምናልባት 3 ዋት ነው። 3፣ 21 እና 5 ሲደመሩ 29 ዋት ይሆናሉ፤ ይህም 2.4 አምፒር ነው። በ2.2 እና በ2.4 መካከል ያለውን ልዩነት ሪሌው እንዲለይ ተደርጎ አልተሠራም። አዲሱ አምፖልዎ ቦግ ብሎ እየበራ፣ ለሪሌው ግን የተቃጠለ ነው።

የአራቱ ፍሬቻ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። አራቱን ሲያበሩ የግራና የቀኙ አንድ ላይ ይደመራል። ሁለት ጊዜ 29፣ 58 ዋት፤ ወደ 4.8 አምፒር ማለት ነው። ይህ ከአንድ ጎን ጤናማ መጠን እንኳ ይበልጣል። ስለዚህ ሪሌው የጎደለ ነገር አያይም፣ በተለመደው ፍጥነት ያበራል። አራቱ ሲበሩ ሪሌው ቆጠራውን ጭራሽ እንዲተው የተደረገባቸው መኪኖችም አሉ። በሁለቱም መንገድ ትርጉሙ አንድ ነው። አራቱ ደህና፣ ግራና ቀኝ ለየብቻ ችኩል ከሆነ ጉዳዩ የአምፖሉ ዋት ማነስ ነው። ሪሌው ራሱ ቢበላሽ ኖሮ አራቱን ሲያበሩም ይረብሽ ነበር።

በእርግጥ ችኩል መሆኑን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሞተሩን አስነስተው ፍሬቻውን ያብሩ፣ በስልክዎ ሰዓት 15 ሰከንድ ይያዙና ስንት ጊዜ እንደበራ ይቁጠሩ። በአራት ያባዙት። በዓለም አቀፉም ሆነ በአሜሪካው ደንብ ጤናማው በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ነው። በ15 ሰከንድ ከ15 እስከ 30 ማለት ነው። ብዙ መኪኖች 20 አካባቢ ናቸው። 40 ከደረሰ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጉዳት አለው ወይ ላሉት፣ ሽቦ አያቃጥልም፣ ባትሪም አይጨርስም። ችግሩ ሌላ ነው። የኋላው አምፖልዎ አሁንም ባለ ክር ነው። ክር ግሎ ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠት ከሰከንድ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል። በደቂቃ 160 ጊዜ ሲበራ ደግሞ እያንዳንዷ ብልጭታ የምትቆየው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ክሩ በደንብ ሳይግል ይጠፋል። ከኋላዎ ያለው ሾፌር፣ በተለይ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚያየው ደብዘዝ ያለ መንቀጥቀጥ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማስጠንቀቂያዎን ማጣትዎ ነው። ሁልጊዜ የሚቸኩል ፍሬቻ የኋላው አምፖል ነገ ቢቃጠል አይነግርዎትም። ስለዚህ እንዲሁ ይንዱት አልልም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ እለምንዎታለሁ። የድሮዎቹን የፊት አምፖሎች ካልጣሏቸው መልሰው ያስገቧቸው። ፍጥነቱ ወደ ቦታው ከተመለሰ ሪሌው፣ ሽቦውና የኋላ አምፖሉ ሁሉ ጤናማ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ ጉዳዩ የኤልኢዲው ብቻ ነው። ካልተመለሰ ግን ሌላ ብልሽት ተደርቦበታል፤ ያኔ ሬዚስታንስ ማስገባት በሽታውን መሸፈን ብቻ ይሆናል።

ይህን የምለው ብዙ ሰው ከእርስዎ የተለየ ችግር ይዞ የእርስዎን መፍትሔ ስለሚገዛ ነው። ለምሳሌ ሁለቱንም ጎን ኤልኢዲ አስገብቶ አንዱ ጎን ብቻ የሚቸኩልበት ሰው የዋት ጉዳይ ብሎ መነሳት የለበትም። መጀመሪያ አምፖሉ ጭራሽ መብራቱን ይይ። ኤልኢዲ አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ አለው። ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሰካው ዓይነት ተገልብጦ ሊገባ ይችላል፣ ያኔ አይበራም። አውጥቶ አዙሮ መሰካት ነው፣ በቃ። ይህ ሆኖ ሳለ ሪሌ የተቀየረላቸው መኪኖች አይቻለሁ።

ምንም ሳይቀየር አንድ ቀን ድንገት በአንድ ጎን መቸኮል የጀመረ ከሆነ ደግሞ አምፖል ተቃጥሏል፣ ወይም አምፖሉ የሚሰካበት ፖርታላምፓዳ ዝጓል፣ ወይም ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ሽቦ ላልቷል። ከክረምት በኋላ ፖርታላምፓዳውን አውጥተው ወደ ውስጥ ቢያዩ ብዙ ጊዜ መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያገኛሉ። የቀለጠ ፕላስቲክ ያለበትም አለ። የማሳ ችግርን የሚያጋልጥ ምልክትም አለ። ፍሬን ሲይዙ ወይም ፓርኪንግ ሲያበሩ ፍሬቻው ከደበዘዘ፣ ወይም ፍሬቻው በበራ ቁጥር ሌላ መብራት አብሮ ከተርገበገበ ወደ ማሳው ሽቦ ይሂዱ። 21 ዋት በሚገባበት ቦታ አነስተኛ ዋት ያለው አምፖል ተገዝቶ ሲገባም ውጤቱ ያው መቸኮል ነው። ዋቱ አምፖሉ ቂጥ ላይ ተጽፏል፣ ሲገዙ ያንብቡት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ኤልኢዲዎቹን ማቆየት ከፈለጉ ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱም ጋራዥ ውስጥ ተነግሮዎታል፤ ምክንያቱ ግን በትክክል አልተነገረዎትም።

አንደኛው ሬዚስታንሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኤልኢዲው የማይበላውን ኤሌክትሪክ ሌላ ነገር እንዲበላው ማድረግ። በተለምዶ የሚሸጠው 6 ኦም፣ 50 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ወርቅማ የአሉሚኒየም ቅርፊት የለበሰው ነው። ከአምፖሉ ጎን ለጎን ይገባል። አንዱ ሽቦ ከፍሬቻው ሽቦ ጋር፣ ሌላው ከማሳው ጋር። በአምፖሉ መንገድ ላይ በተከታታይ ካስገቡት ኤልኢዲው ይደበዝዛል፣ ፍጥነቱም አይስተካከልም። ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ ያስፈልጋል።

ይህ መንገድ የሚያሳስበኝ በሙቀቱ ነው። ሞተር ሲሠራ ቮልቴጁ ወደ 14 ይጠጋል። 14 ቮልት በ6 ኦም ላይ ሲያልፍ ከ2.3 አምፒር በላይ ይሆናል፤ ይህም ወደ 33 ዋት ነው። አምፖል ያን ጉልበት ከፊሉን ብርሃን አድርጎ ያወጣዋል፣ ሬዚስታንሱ ግን ሁሉንም ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ለመታጠፍ ለጥቂት ሰከንድ ሲሆን ብዙም አይደለም። ጎማ ተንፍሶ አራቱን አብርተው ግማሽ ሰዓት ሲቆሙ ግን ቅርፊቱ እጅ የሚልጥ ይሆናል። ላዩ ላይ የተጻፈው 50 ዋትም የሚሠራው ሙቀቱን የሚወስድለት ብረት ላይ ሲታሰር ነው።

ስለዚህ የሚገባ ከሆነ ኮፈኑ ሥር ባለ የቦዲ ብረት ላይ በቡሎን ይታሰር። በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሽቦ ጋር ጠፍንጎ ማንጠልጠል፣ ከፓራውልቱ ፕላስቲክ ጀርባ መወሸቅ፣ በስኮች ጠቅልሎ መተው አይሆንም። እንዲህ ተደርጎ የቀለጠ ፓራውልት አይቻለሁ፣ የሽቦ ልባሱ ተላጦ ፊውዝ የሚያቃጥል መኪናም እንዲሁ። መቀጠያው በሊድ ይበየድና በሙቀት የሚሸበሸብ ልባስ ይልበስ። ሽቦውን በጥርሱ እየነከሰ የሚይዘው የፕላስቲክ መቆንጠጫ ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ውሃ ሲገባበት ይዝጋል፣ ከዚያም ፍሬቻው አንዳንዴ ይቸኩላል አንዳንዴ ይተዋል፣ ችግሩም የት እንዳለ ሳይታወቅ ይቆያል።

ሬዚስታንሱ ውስጡ የተገጠመለት «ካንባስ» ተብሎ የሚሸጥ አምፖልም አለ። ሽቦ መቁረጥ የለበትም፣ ስለዚህ ያማልላል። ነገር ግን ያ ሁሉ ሙቀት ከኤልኢዲው ጋር አንዲት ጠባብ ቦታ ውስጥ ታጉሮ ነው የሚቀመጠው። ኤልኢዲ ደግሞ የሚገድለው ሙቀት ነው። ብዙዎቹም ሙሉውን 21 ዋት ስለማይተኩ ፍጥነቱ ላይስተካከል ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ሪሌውን መቀየር ነው። ሁለተኛው ሰውዬ «ተበላሽቷል» ማለቱ ስህተት ቢሆንም የጠቆመው ቦታ ትክክል ነው። ለኤልኢዲ የሚሠራ የፍሬቻ ሪሌ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ አይቆጥርም። ፍጥነቱን የሚወስነው ውስጡ ያለው ሰዓት ነው፣ 3 ዋትም ቢሆን 50 ዋት ለውጥ የለውም። ተጨማሪ ሙቀት የለም፣ የሚቆረጥ ሽቦም የለም። ለእርስዎ መኪና የምመርጠው ይህን ነው።

የእርስዎን ዘመን በመሰሉ ብዙ ቶዮታዎች ሪሌው ከመሪው በታች፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ፊውዝ ሳጥኑ አካባቢ ተሰክቶ ይገኛል። ፍሬቻውን አብርተው በእጅዎ ቢዳብሱ «ቀጭ» ሲል ይሰማዎታል። ቁልፉን አጥፍተው ይንቀሉትና ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። በብዙዎቹ ላይ 81980-50030 የሚል ቁጥርና ስምንት እግር አለ። ሱማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲሄዱ የነቀሉትን ይዘው ይሂዱ፣ «የኮሮላ ሪሌ» ብቻ ብለው አይግዙ። የእግሮቹ ቁጥርና አቀማመጥ አንድ መሆኑን ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክሩ። ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሰክተው ግራ፣ ቀኝ፣ አራቱንም ይሞክሩ።

ቆየት ያለ መኪና ያላቸው አንባቢዎች የሚገጥማቸው ሁለት ወይም ሦስት እግር ያለው ክብ ወይም አራት ማዕዘን ሪሌ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ላይ ቢ፣ ኤል እና ኢ የሚሉ የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል፤ የባትሪ፣ የመብራትና የማሳ ማለት ናቸው። ፊደላቱ ከአሮጌው ጋር በአንድ ቦታ መሆናቸውን ይዩ፣ የቢ እና የኤል ቦታ የተቀያየረባቸው አሉ። ባለ ሁለት እግሩ የጥንት ዓይነት የሚሠራው ግሎ በሚታጠፍ ብረት ስለሆነ ኤልኢዲ ሲገባበት ከመቸኮል ይልቅ ሳይጠፋ ይቆያል ወይም ጭራሽ አይሠራም።

አዲስ ሞዴል መኪና ያለው ሰው ግን ሪሌ ፍለጋ ዳሽቦርድ እንዳያስፈታ። በእነዚህ ፍሬቻውን የሚያዘው የቦዲው ኮምፒውተር ነው፤ የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» እንኳ ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ነው። የሚቀየር ሪሌ የለም። ያለው አማራጭ ወይ ሬዚስታንስ፣ ወይ ኮምፒውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ በመመርመሪያ ማሽን «አምፖሉ ኤልኢዲ ነው» ብሎ ማስተካከል ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ያስገባችሁት ኤልኢዲ ለዚያ መብራት የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጡ፤ ፈቃድ የሌለው አምፖል ዓመታዊ ምርመራ ላይ ያስጥላል።

ሬዚስታንስም ያስገቡ ሪሌ ይቀይሩ፣ አንድ ነገር በግልጽ ይወቁ። መኪናዎ የተቃጠለ አምፖልን መናገር ያቆማል ወይም ይዋሻል። ሬዚስታንስ ካለ ኤልኢዲው ቢሞት እንኳ ሪሌው የሬዚስታንሱን ኤሌክትሪክ እያየ በደህና ፍጥነት ይቀጥላል። አዲሱ ሪሌ ደግሞ ጭራሽ አይቆጥርም፤ የኋላው 21 ዋት ቢቃጠልም ዳሽቦርድዎ ላይ ያለችው ቀስት ምንም እንዳልሆነ ትበራለች።

ስለዚህ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ፍሬቻውን አይንኩ ባልኩ ነበር። ፍሬቻ በቀን ቢደመር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚበራው፣ ኤልኢዲ የሚቆጥበው ነዳጅም ሆነ ባትሪ እዚህ ግባ አይባልም። ጥሩ ብርቱካናማ ባለ 21 ዋት አምፖል ለዓመታት ያገለግላል፣ ሲሞትም መኪናው ይነግርዎታል። ኤልኢዲ ላስገባ ካሉ ግን ቀለሙ ብርቱካናማ ይሁን። ነጭ ኤልኢዲ ብርቱካናማ መስታወት ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይሳሳል፣ ነጭ መስታወት ካለው መብራት ውስጥ ከገባ ደግሞ ፍሬቻ መሆኑ ይቀራል።

ሪሌውን ከቀየሩ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማታ ግቢ ሲያስገቡ አራቱን ያብሩና ወርደው መኪናውን ዞር ብለው ይዩ፤ ስፖኪዮው ወይም ፓራፋንጎው ላይ ያሉትን ትንንሾቹንም አይርሱ። አሮጌውን ሪሌና የፊት አምፖሎቹን መኪናው ውስጥ ያስቀምጧቸው። ርካሽ ኤልኢዲ መንገድ ላይ ጥሎዎት ሲሄድ ያኔውኑ መልሰው ይሰኳቸዋል።